ለምግብ አድራሽ መተግበሪያው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ ስላልደረሰኝ ሁለተኛ ከረጢት፣ ስለ ቀዘቀዘው እራትና ስለምጠይቀው 1,360.80 ብር

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍልና ለሥራ ኃላፊዎቹ፣

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍላችሁ በመተግበሪያችሁ የቅሬታ መስጫ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሰሚ ስላጣሁ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጊዜ የመጣልኝ መልስ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነበር። በሦስተኛው ጊዜ መልስ እንኳ ሳይጻፍልኝ ቅሬታዬ «ተፈቷል» ተብሎ ተዘጋ። አልተፈታም። የትእዛዙ ቁጥር፣ ፎቶግራፎቹና የተጻጻፍነው ሁሉ እናንተም ዘንድ እኔም ዘንድ ስላለ የድርጅታችሁንም የምግብ ቤቱንም ስም እዚህ ማንሳት አላስፈለገኝም።

የምፈልገውን አስቀድሜ ልናገር። 1,360.80 ብር በከፈልኩበት መንገድ፣ ማለትም ገንዘቡ ወደ ወጣበት ሒሳብ፣ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣና እናንተ ያቀረባችሁልኝ 460 ብር ለምን ልክ እንዳልሆነ ነው።

ያዘዝኩት እራት ለአራት ሰው ነበር። ሁለት ዶሮ በሩዝ እያንዳንዱ በ420 ብር፣ አንድ ትልቅ የአትክልት ሾርባ በ260፣ አንድ የተጠበሰ ዓሣ በ480፣ አንድ ድንች ጥብስ በ180፣ ሁለት የማንጎ ጭማቂ እያንዳንዱ በ120። ድምሩ 2,000 ብር ነው። ራሳችሁ የላካችሁልኝ የአሥር በመቶ ቅናሽ ኮድ ስለነበረኝ 200 ብር ተቀንሶ የምግቡ ዋጋ 1,800 ሆነ። በላዩ የማድረሻ 120 ብርና የአገልግሎት 80 ብር ተጨምሮ 2,000 ብር ከፈልኩ። ለአድራሹ ልጅ የሰጠሁት 50 ብር ጉርሻ ለብቻው ነው፤ እሱን አልጠይቅም፣ ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

እናቴ ጉንፋን ይዟት ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። ሾርባው የታዘዘው ለእሷ ነው። መተግበሪያው ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ብሎኝ ስለነበር «ይኸው ሊደርስ ነው እማዬ» እያልኩ ሳህኑን በሙቅ ውኃ አሙቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። በሩ የተንኳኳው ባዘዝኩ በ74ኛው ደቂቃ ነው። አንድ ከረጢት ተሰጠኝ። አፉ በተለጣፊ ወረቀት ታሽጓል፣ ማሸጊያው አልተነካም። ስከፍተው ሾርባው፣ ዓሣውና ድንቹ አሉ፤ ዶሮ በሩዝ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው የለም። ጭማቂዎቹም የሉም። ከተለጣፊው ወረቀት ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ «1/2» የሚል ታትሟል።

ይህች «1/2» የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። ምግብ ቤቶች ትእዛዙ ከአንድ ከረጢት ሲያልፍ እንዲህ ይጽፋሉ፤ ከሁለት ከረጢት ይህ አንደኛው ነው ማለት ነው። ቀዝቃዛ መጠጥ ከትኩስ ምግብ ጋር አብሮ ስለማይታሸግ ለብቻው ይደረጋል፣ አንደኛው ከረጢት ያልቻለው ሳህንም ከመጠጡ ጋር ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መጠጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሚቆይና ከረጢቱ የሚሞላው በመጨረሻ ስለሆነ፣ አድራሹ ቸኩሎ ሲመጣ የሚረሳው ይሄ ሁለተኛው ከረጢት ነው። የኔም ከረጢት ወይ ባንኮኒው ላይ ቀርቷል፣ ወይ ደግሞ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እኔ ማወቅ አልችልም። እናንተ ግን በአንድ ስልክ ማጣራት ትችሉ ነበር።

በመጀመሪያው መልሳችሁ «ምግብ ቤቱ ትእዛዙን ሙሉ አድርጎ ማስረከቡን አረጋግጧል» ብላችሁኛል። ምግብ ቤቱ ያረጋገጠው በስክሪኑ ላይ «ዝግጁ» የሚለውን መጫኑን ነው። ያ ምልክት ምግቡ መብሰሉን ይነግራችኋል እንጂ ስንት ከረጢት ከበሩ እንደወጣ አይነግራችሁም። ቀጥላችሁ የጎደለውን ነገር ፎቶ እንድልክ ጠየቃችሁኝ። የሌለ ነገር ፎቶ እንደማይነሳ መናገር ባይኖርብኝም፣ የሚቻለውን አድርጌያለሁ፤ የታሸገውን ከረጢት ከመክፈቴ በፊት፣ ተለጣፊውን ከነ«1/2»ው፣ ከዚያም ከውስጡ የወጣውን ሁሉ ከደረሰኙ ጋር ጎን ለጎን ዘርግቼ አንስቼ ላክሁላችሁ። ከረጢቱ በደረሰኝ በ9 ደቂቃ ውስጥ ነው የላክሁት። ሰዓቱ ፎቶዎቹ ላይ አለ።

አሁን ወደ ቅዝቃዜው ልምጣ። እዚህ ላይ ሦስተኛ ወገን ጥፋተኛ እንዳይደረግብኝ እፈራለሁና ጊዜውን በዝርዝር ልጻፈው። ሁሉም ከራሳችሁ መተግበሪያ የትእዛዝ ታሪክ የተወሰደ ነው። ምግብ ቤቱ ትእዛዙን የተቀበለው በ3ኛው ደቂቃ ነው። በ22ኛው ደቂቃ «ዝግጁ» አለ። አድራሹ በ27ኛው ደቂቃ ተረከበ። ከምግብ ቤቱ እስከ ቤቴ ካርታችሁ ራሱ የሚያሳየው 14 ደቂቃ ነው፤ ቀጥታ ቢመጣ በ41ኛው ደቂቃ፣ በሰጣችሁኝ ቀጠሮ ውስጥ፣ እቤቴ ነበር። ነገር ግን በካርታው ላይ ሞተሩ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሲሄድ አየሁ። በ46ኛው ደቂቃ የማላውቀው ቦታ ቆመ። እዚያው 9 ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ እኔ ጋ እስኪደርስ 19 ደቂቃ ፈጀበት።

ልጁን ስጠይቀው አልዋሸኝም። «ይቅርታ እህቴ፣ ሁለት ትእዛዝ ነው አንድ ላይ የላኩልኝ፤ እርስዎ ሁለተኛ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ስልክ አላነሳችም፣ ጥዬ መሄድ ደግሞ አልችልም» አለኝ። ላብ ፊቱ ላይ ነበር። ሙቀት የሚይዘው ሳጥኑ በሌላኛው ሰው ትልቅ ትእዛዝ ተሞልቶ ስለነበር የኔን ከረጢት የሞተሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎት ነው የመጣው። ነፋስ ሲመታው 47 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። ሁለት ትእዛዝ ለአንድ ሰው የሰጠው ልጁ አይደለም። ማን ይቅደም ብሎ የወሰነውም እሱ አይደለም። የመደባችሁት እናንተ ናችሁ። ጉርሻውን የማልጠይቀው፣ በምዘና ገጹም ላይ ዝቅተኛ ኮከብ ያልሰጠሁት ለዚህ ነው። የምዘና ገጻችሁ ስለ ምግብ ቤቱና ስለ አድራሹ ይጠይቃል፤ ስለ ድልደላው የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ስለዚህ የእናንተ ውሳኔ ያመጣው ቅዝቃዜ በሁለት ሰዎች ስም ይመዘገባል።

ቤት ውስጥ ለሥጋ የምጠቀምበት የምግብ ቴርሞሜትር አለኝ። ሾርባውን ስለካው 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፣ ዓሣው 36። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ ይመክራል፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ተሕዋስያን ስለሚባዙ ነው። ከዚሁ ጋር የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። የኔ እራት ከተዘጋጀ 52 ደቂቃው ስለነበር «መርዛችሁኛል» አልልም፤ ያልሆነውን አልጠይቅም። የምለው ትኩስ ብዬ የገዛሁት ምግብ ትኩስ አልነበረም ነው።

ሁሉም ምግብ ደግሞ በአንድ ዓይነት አይበላሽም፤ የጠየቅሁት ገንዘብም በዚሁ ልክ ነው። ሾርባው ወፍራምና በጥልቅ ዕቃ ውስጥ ስለነበር ከሁሉም ሙቀቱን ይዟል፤ ምድጃ ላይ አፍልቼው እናቴ ጠጣችው። «ግድ የለም ልጄ፣ ይሞቅና እጠጣለሁ» ብላ ራሷ ነች ያረጋጋችኝ። ያንን ሳህን ለማሞቅ የለኮስኩት ምድጃ መጀመሪያውኑ ላለመለኮስ ነበር ያዘዝኩት፤ ሆኖም ተበልቷልና ለሾርባው ምንም አልጠይቅም። የደረሰውን አንዱን ዶሮ በሩዝ ሁለቱ ልጆቼ አሙቄላቸው ተካፈሉት፤ ለሱም አልጠይቅም። ድንች ጥብሱ ግን አይድንም። ትኩስ ጥብስ ክዳኑ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲቆይ የሚያወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ክዳኑ ላይ ውኃ ሆኖ ይይዝና ተመልሶ ጥብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ስከፍተው የክዳኑ ውስጥ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ነበር፣ ድንቹ በጣቴ ሳነሳው ታጠፈ። ማሞቅ ያንን አይመልሰውም። ዓሣው ደግሞ ስስ ስለሆነና ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ስለተዘረጋ ቶሎ በርዷል፤ ሳሞቀው ደርቆ እንደ ክር ተሰነጣጠቀ፣ ከአንድ ጉርሻ በላይ የቀመሰው የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ላልደረሱት ሦስት ነገሮችና ለማይበሉት ሁለቱ ነው። ያልደረሱት አንዱ ዶሮ በሩዝ 420 እና ሁለቱ ጭማቂዎች 240፣ አንድ ላይ 660 ብር። ድንቹና ዓሣው 180 እና 480፣ አንድ ላይ 660 ብር። በአጋጣሚ እኩል ሆኑ። ጠቅላላው 1,320 ነው። ቅናሹ አሥር በመቶ ስለነበር እኔ የከፈልኩት ከዚህ 90 በመቶውን ነው፤ ስለዚህ የምግቡ ተመላሽ 1,188 ብር ይሆናል። ያልከፈልኩትን 132 ብር አልጠይቅም።

በዚህ ላይ የማድረሻውን 120 ብር ሙሉውን እጠይቃለሁ። ያ ክፍያ የሚገዛው ምግቡ በጊዜው፣ በሙቀቱና ሙሉ ሆኖ መድረሱን ነው፤ ከሦስቱ አንዱም አልሆነም። ከአገልግሎት ክፍያው ደግሞ ሙሉውን አልጠይቅም። 80 ብሩ ከቅናሽ በፊት የነበረው 2,000 ብር 4 በመቶ ነው። ከሚመለሰው 1,320 ብር 4 በመቶው 52.80 ብር ነው፣ እሱን ብቻ። 1,188 እና 120 እና 52.80 ሲደመር 1,360.80 ብር።

እናንተ ያቀረባችሁልኝ 460 ብር ነው፣ እሱም በመተግበሪያው ዋሌት ውስጥ በ30 ቀን የሚቃጠል፣ ከእናንተው ብቻ የሚገዛ የመግዣ ሒሳብ ሆኖ። 460ው እንዴት እንደተገኘ ለማወቅ ብዙ አልተቸገርኩም፤ ከጎደሉት 660 ላይ የቅናሹን 200 ብር በሙሉ ቀንሳችሁ ነው። ስጠይቅም ሠራተኛችሁ ይህንኑ ጻፈልኝ፦ «የቅናሽ ኮዱ የሚሠራው ከ1,500 ብር በላይ ለሆነ ትእዛዝ ነው፤ የጎደሉት ሲወጡ ትእዛዙ 1,340 ስለሚሆን ቅናሹ አይመለከትዎትም።»

በእውነት በጣም ያስከፋኝ ከቅዝቃዜው ይልቅ ይህ መልስ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ሒሳብ ስለሆነም ዘርዘር ላድርገው። እኔ ያዘዝኩት 2,000 ብር የሚያወጣ ምግብ ነው፣ የኮዱን ቅድመ ሁኔታ አሟልቻለሁ፣ ቅናሹም በየአንዳንዱ ሳህን ላይ እኩል አርፏል። ትእዛዙን ወደ 1,340 ያወረድኩት እኔ አይደለሁም። ሐሳቤን ቀይሬ ሳህን ብሰርዝ ኖሮ ክርክራችሁ ይገባኝ ነበር። የእናንተ ከረጢት ስለጠፋ ግን ቅናሼ ሊጠፋ አይችልም። በአሥር በመቶ ቅናሽ ቢሰላ የጎደሉት ብቻ 594 ብር ናቸው። በ594 እና በ460 መካከል ያለው 134 ብር ከየት መጣ ብላችሁ ብታስቡ፣ ከደረሱት ምግቦች ቅናሽ የተወሰደ ነው፤ 1,340 ብር የሚያወጡትን ምግቦች በ1,206 ሸጣችሁልኝ ሳለ ከጎደለ በኋላ በሙሉ ዋጋ መልሳችሁ ሸጣችሁልኛል።

ይህ አሠራር ትክክል እንዳልሆነ ለማየት ደግሞ ትእዛዜ 1,600 ብር፣ ቅናሹም 160 ብር ሆኖ የጎደለው አንድ ጭማቂ ብቻ ነው ብለን እናስብ። 120 ብር ነው፤ እሱ ሲወጣ ትእዛዙ 1,480 ስለሚሆን በእናንተ አባባል ቅናሹ ይቀራል። 160 ብር ቅናሹን ከሱ ላይ ብትቀንሱ ተመላሼ ከዜሮ በታች 40 ብር ይሆናል። ጭማቂዬን ሳታመጡልኝ 40 ብር እኔው ልከፍላችሁ ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ውጤት የሚሰጥ ስሌት ለሰው ገንዘብ አይሆንም።

በዋሌት ስለሚሰጠውም አንድ ነገር ልበል። ገንዘቡ የወጣው ከኔ ሒሳብ ነው፤ ወደ ሒሳቤ መመለሱ ጥቂት የሥራ ቀናት ሊወስድ እንደሚችል አውቃለሁ፣ እጠብቃለሁም። በ30 ቀን የሚቃጠል የመግዣ ሒሳብ ግን ተመላሽ አይደለም። ገንዘቤን ለማግኘት መልሼ ከእናንተው መግዛት አለብኝ፤ እናቴ እራቷን ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠበቀችበት ቦታ። «ይቀበሉ» የሚለውን ቁልፍ ያልተጫንኩትም ለዚህ ነው። ከቁልፉ በታች በደቃቅ ፊደል «ሲቀበሉ ቅሬታዎ ይዘጋል» ይላል። ሳልጫነውም ተዘግቷል፤ 460 ብሩም ሳልጠይቅ ዋሌቴ ውስጥ ገብቷል። አልነካሁትም፣ አልነካውምም። 1,360.80ው ሒሳቤ ሲገባ መልሳችሁ ውሰዱት።

ስለ ምግብ ቤቱም አደራ የምላችሁ አለ። ለደንበኛ የሚመለሰው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከምግብ ቤቱ ገቢ ላይ እንደሚቀነስ ከሚሠሩት ሰዎች ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ከረጢት እነሱ ጋ ቀርቶ ከሆነ ያንን ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ። የዓሣውንና የድንቹን፣ የማድረሻውንም ግን በእነሱ ላይ አትጫኑት። በ22ኛው ደቂቃ ትኩስ ምግብ አዘጋጅተው አስቀምጠዋል። ያበረደው የእናንተ ጉዞ ነው።

ከገንዘቡ ሌላ ሦስት ነገር እንድታስተካክሉ እጠይቃለሁ፤ አንዱም ከባድ አይደለም። የከረጢቱ ብዛት አድራሹ ሲረከብም ደንበኛው ሲቀበልም ስክሪን ላይ ይታይ፤ ልጁ «2» የሚል ቢያይ ኖሮ አንድ ይዞ አይወጣም ነበር፣ እኔም በር ላይ እያለ ባየው እጠይቀው ነበር። ሁለት ትእዛዝ አንድ ላይ ስትልኩ ለሁለተኛው ሰው ከመክፈሉ በፊት ይነገረው፤ ለታማሚ ሾርባ የሚያዝ ሰው ተጨማሪ ከፍሎም ቢሆን ለብቻው ይምጣልኝ ማለት ይችል። ቅሬታም ደንበኛው «ተስማምቻለሁ» ሳይል አይዘጋ።

ይህን የምታነቡ የሌሎች ትእዛዞች ባለቤቶችም፣ ከረጢት ሲደርሳችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ተለጣፊውን እዩት። «1/2» ወይም «1/3» ካለ ቀሪውን አድራሹ ሳይሄድ ጠይቁት። ቅናሽ ባለበት ትእዛዝ ላይ ተመላሽ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ቅናሹ በመቶኛ ተከፋፍሎ እንደሆነ ወይስ በሙሉ ከጎደለው ላይ እንደተቀነሰ አስሉት። እኔ ይህን ያወቅሁት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀምጬ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከወጣበት ቀን አንስቶ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ወይ ገንዘቡን ወይ እምቢ ያላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ እጠብቃለሁ። መልሱን የሚጽፈው ሰው ፎቶዎቹን ከፍቶ ያያቸው ሰው ይሁንልኝ፤ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ተለጣፊው በግልጽ ይነበባል። ከተጠቀሰው ቀን በኋላ ምላሽ ካላገኘሁ ክፍያውን ባስተላለፈው ባንክ በኩል የክፍያ ክርክር እከፍታለሁ፣ ጉዳዩንም ለሸማቾች መብት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚሁ ሒሳብና በእነዚሁ ፎቶዎች አቀርባለሁ።

ከሠላምታ ጋር፣
ሁለተኛው ከረጢት ያልደረሳት ደንበኛችሁ